ወደ ሲ.ኤን.ኤፍ ስንቀይር፦ ማከፋፈል ይሻላል ወይስ አዲስ ፊደል መጨመር?

አንድ መድኃኒት ቤት የሌሊት ተረኛ ሊመድብ ነው እንበል። አራት ሠራተኞች አሉ፦ አልማዝ፣ በቀለ፣ ጫላና ደራርቱ። ባለቤቱ ደንቡን በቃል ይናገራል። «ወይ አልማዝና በቀለ ይግቡ፣ ወይ ጫላና ደራርቱ ይግቡ፤ አራቱም ቢገቡ ቅር አይለኝም። በቀለ ከገባ ደራርቱም ትገባለች፣ የሚመጡት በአንድ መኪና ነው። አልማዝንና ደራርቱን ግን አንድ ሌሊት ላይ እንዳታገናኙብኝ። ጫላ ገና ተለማማጅ ስለሆነ ያለ አልማዝ አይገባም።»

ጥያቄው ይህን ሁሉ የሚያሟላ አመዳደብ አለ ወይስ የለም የሚል ነው። a ማለት «አልማዝ ትገባለች»፣ b «በቀለ ይገባል»፣ c «ጫላ ይገባል»፣ d «ደራርቱ ትገባለች» ብለን ደንቡን በፎርሙላ እንጻፈው። ∧ «እና»፣ ∨ «ወይም»፣ ¬ «አይደለም»፣ → «ከሆነ» ማለት ነው፤ b → d «b ከሆነ d ነው» ተብሎ ይነበባል።

```
(a ∧ b) ∨ (c ∧ d)
b → d
¬(a ∧ d)
c → a
```

ሪዞሉሽን የሚባለው ዘዴ ፎርሙላውን እንዲህ እንዳለ አይቀበልም። የሚፈልገው ሲ.ኤን.ኤፍ የሚባለውን ቅርጽ ነው። በዚህ ቅርጽ እያንዳንዱ መስመር በ«ወይም» ብቻ የተያያዙ ሊተራሎች ይሆናል፤ ሊተራል ማለት አንድ ፊደል ወይም የአንድ ፊደል አሉታ ነው። መስመሩ ክሎዝ ይባላል፣ ክሎዞቹ በሙሉ ደግሞ በ«እና» የተያያዙ ናቸው። ከታች ያሉት ሦስቱ ደንቦች ቶሎ ይቀየራሉ፦ ¬b∨d፣ ¬a∨¬d፣ ¬c∨a። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው፣ «ወይም» ውጭ ሆኖ «እና» ውስጥ ገብቷልና። ይህን ለመገልበጥ ሦስት መንገድ አለ። የትኛውን መምረጥ እንዳለብን የሚወስነው ከዚያ በኋላ በክሎዞቹ የምንሠራው ሥራ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ማከፋፈል

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይህንን ነው። በአልጀብራ ማባዛትን በመደመር ላይ እንደምናከፋፍለው ሁሉ «ወይም»ን በ«እና» ላይ እናከፋፍላለን። ከግራው ጥንድ አንድ፣ ከቀኙ ጥንድ አንድ እየወሰድን ማጣመር ነው። አራት ክሎዝ ይወጣል፣ ከቀሩት ሦስት ጋር ሰባት ይሆናሉ።

```
1  a ∨ c
2  a ∨ d
3  b ∨ c
4  b ∨ d
5  ¬b ∨ d
6  ¬a ∨ ¬d
7  ¬c ∨ a
```

አሁን ሪዞሉሽን ይጀምራል። ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ክሎዝ ውስጥ አንድ ፊደል፣ ሌላው ክሎዝ ውስጥ የዚያው ፊደል አሉታ ካለ፣ ሁለቱን አጥፍተን የቀረውን በአንድ ክሎዝ እንጽፋለን። 1 እና 7ን በ c ስናጋጥም a∨a ይቀራል፣ ይህም a ብቻ ነው። 4 እና 5ን በ b ስናጋጥም d∨d፣ ማለትም d። a ን ከ6 ጋር ስናጋጥም ¬d ይወጣል። d እና ¬d ሲጋጠሙ ምንም አይቀርም። ይህ ባዶ ክሎዝ ነው፣ ሊሟላ የማይችል ነገር። ስለዚህ በአራት እርምጃ ብቻ የባለቤቱ ደንብ እርስ በርሱ እንደሚቃረን ታወቀ። 2 እና 3ን ጭራሽ አልነካናቸውም።

ባለቤቱ ሦስተኛውን ደንብ ቢተወውስ? 6 ይወጣል። አሁንም a እና d ይወጣሉ፣ ግን የሚቃወማቸው የለም። a ብቻውን ከቆመ a ያለባቸው ሌሎች ክሎዞች ሁሉ ትርፍ ይሆናሉ፣ በ d ላይም እንደዚሁ። አጥፍተን ስንጨርስ የሚተርፈው a፣ d እና b∨c ነው። ከእነዚህ አዲስ ክሎዝ አይወለድም፣ ባዶውም አልመጣም፤ ስለዚህ ደንቡ ይሟላል። አልማዝና ደራርቱ የግድ ይገባሉ፣ ከበቀለና ከጫላ ቢያንስ አንዱ ይጨመራል። ሦስት አመዳደብ አለ ማለት ነው። ይህን ቁጥር እንያዘው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይሳሳት የማያልፈው ነገር አለ። a∨c እና ¬a∨¬c ሲገጥሙት «ሁለቱም ይጠፋፋሉ» ብሎ ባዶ ክሎዝ ይጽፋል። ስህተት ነው፣ በአንድ እርምጃ የሚጠፋው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በ a ስናጋጥማቸው c∨¬c ይቀራል፣ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ እውነት ስለሆነ ምንም አይነግረንም። ወደ ሰው ቋንቋ መልሱት፦ «አልማዝ ወይም ጫላ ይግባ» እና «ሁለቱ አብረው አይግቡ»። አልማዝ ብቻዋን ብትገባ ሁለቱም ተሟሉ፣ የተቃረነ ነገር የለም።

ማከፋፈል ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተገኘው ፎርሙላ ከመጀመሪያው ጋር ትርጉሙ አንድ ነው፣ አዲስ ፊደልም አይገባበትም። ችግሩ ሲበዛ ነው። ሁለት ጥንድ ሲሆን አራት ክሎዝ ወጣ። ሦስት ጥንድ ስምንት ያወጣል። ባለቤቱ 20 ጥንድ ቢደረድር ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ እየመረጥን የምንጽፈው 1,048,576 ክሎዝ ይሆናል፣ እያንዳንዱም 20 ሊተራል ይይዛል። በአንድ መስመር ተኩል የተጻፈ ደንብ ነበር እንግዲህ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የፀይቲን ፊደሎች

ግሪጎሪ ፀይቲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የተጠቀመበት ብልሃት ቀላል ነው። ውስጥ ለተቀበረው ለእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ፊደል አውጣለት፣ ፊደሉ ምን ማለት እንደሆነ በክሎዝ ጻፍ፣ ከዚያ ውጭኛውን ፎርሙላ በፊደሉ ተካ። በእኛ ጉዳይ y «አልማዝና በቀለ ገቡ»፣ z «ጫላና ደራርቱ ገቡ» ይሁኑ።

```
y ∨ z
¬y ∨ a        ¬z ∨ c
¬y ∨ b        ¬z ∨ d
y ∨ ¬a ∨ ¬b   z ∨ ¬c ∨ ¬d
```

ላይኛው መስመር ደንቡ ነው። ቀጥሎ ያሉት አራቱ «y ከሆነ a ም b ም ነው፣ z ከሆነ c ም d ም ነው» ይላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የመልሱን አቅጣጫ ይዘጋሉ፦ a እና b ከሆኑ y የግድ ነው፣ እንዲሁም z። ሰባት ክሎዝ ሆነ፣ ማከፋፈል አራት ሰጥቶን ነበር። በትንሽ ፎርሙላ ላይ ፀይቲን ይከስራል። በ20 ጥንድ ላይ ግን ለአንድ ጥንድ ሦስት ክሎዝ፣ በላዩ አንድ ረጅም መስመር፣ በድምሩ 61 ብቻ ነው። ጥንድ በተጨመረ ቁጥር የሚጨመረው ሦስት ነው፣ እጥፍ አይሆንም።

የተከፈለውን ዋጋ መርሳት አይገባም። ይህ ፎርሙላ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፣ መጀመሪያው ስለ y እና z የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ የሚሆኑት በመሟላት ነው፤ አንዱ የሚሟላ ከሆነ ሌላውም ይሟላል፣ አንዱ ካልተሟላ ሌላውም አይሟላም። ለሪዞሉሽን ይህ ይበቃዋል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ግማሹን ብቻ መጻፍ

ፕላይስቴድና ግሪንባም እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳዩት ነገር ከፀይቲን ክሎዞች ግማሽ ያህሉ ብዙ ጊዜ እንደማያስፈልግ ነው። እኛ ጋ y እና z የመጡት በአሉታ ሥር ሳይሆኑ በቀጥታ ነው። ስለዚህ «y ከሆነ a ም b ም ነው» የሚለው ይበቃል፤ የመልሱን አቅጣጫ የሚዘጉትን ሁለቱን መተው ይቻላል። አምስት ክሎዝ ይቀራል፣ በ20 ጥንድ ደግሞ 41።

መተው የምንችለው ቁራጩ ያለበትን ወገን አይተን ነው። ቁራጩ በአሉታ ሥር ወይም ከቀስቱ በስተግራ ካለ የሚያስፈልገው ሌላኛው ግማሽ ነው። «ይህ ከሆነና ከሆነ ብቻ ያ ነው» በሚል ውስጥ ያለ ቁራጭ ደግሞ በሁለቱም ወገን ስለቆመ ሁለቱም ግማሽ ይጻፍለታል። ስለዚህ የ↔ ሰንሰለት ላይ ይህ መንገድ የሚቆጥበው ከቁጥር አይገባም። በነገራችን ላይ ማከፋፈል ክፉኛ የሚወድቀውም እዚያው ነው፦ 20 ፊደል በ↔ ቢቀጣጠሉ ያለ አዲስ ፊደል 524,288 ክሎዝ ይጠይቃሉ፣ በፀይቲን 77 ይበቃል።

በዚህ መንገድ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነገር አለ። ሦስተኛው ደንብ የወጣለትን፣ የሚሟላውን ደንብ በግማሽ ጽፌ መልስ አገኘሁ። ከዚያ «የአልማዝና የበቀለ ጥንድ የማይገባበት አመዳደብስ አለ?» ተባልኩ። y የጥንዱ ፊደል አይደል? ¬y ብዬ አንድ ክሎዝ ጨመርኩና አስኬድኩት። አራቱም ይገባሉ የሚል መልስ መጣ፤ አልማዝም በቀለም አሉበት። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። በግማሹ አጻጻፍ y እውነት ሲሆን a እና b ይከተላሉ እንጂ a እና b እውነት ሲሆኑ y እውነት እንዲሆን የሚያስገድደው ክሎዝ የለም፤ ያንን እኔ ነኝ የተውኩት። ሙሉውን የፀይቲን አጻጻፍ ብጠቀም ኖሮ y ∨ ¬a ∨ ¬b ያንን መልስ ይጥለውና አልማዝ፣ ጫላና ደራርቱ የሚገቡበት ብቻ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለ ስህተት የሚያዘው በአንድ መንገድ ነው፦ የመጣውን መልስ ወደ መጀመሪያው፣ ወዳልተቀየረው ጥያቄ አስገብቶ ማየት።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ወጥመድ አለ። «ከእነዚህ ደንቦች ይህ ድምዳሜ ይከተላል ወይ?» ሲባል ድምዳሜውን በአሉታ አድርገን ከደንቦቹ ጋር እንጨምረዋለን፤ ባዶ ክሎዝ ከወጣ ይከተላል ማለት ነው። አሉታው የሚገባው ከመቀየሩ በፊት ነው። መጀመሪያ በፀይቲን ቀይሮ በኋላ አሉታ ማድረግ ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ለ y እና ለ z ትርጉማቸውን የሚያፈርስ ዋጋ ቢሰጣቸው «አሉታው ተሟላ» ይባላል፣ ድምዳሜውም ሳይወድቅ የወደቀ ይመስላል።

ሁለቱን ማስረጃዎች ጎን ለጎን

ያንኑ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ አራቱንም ደንብ ይዘን፣ በግማሹ አጻጻፍ በእጅ እንሥራው። ¬y∨b ከ ¬b∨d ጋር ¬y∨d ይሰጣል፤ ይህ ከ y∨z ጋር z∨d፤ ይህም ከ ¬z∨d ጋር d። በሌላው በኩል ¬z∨c ከ ¬c∨a ጋር ¬z∨a፤ ከ y∨z ጋር y∨a፤ ከ ¬y∨a ጋር a። ከዚያ a ከ ¬a∨¬d ጋር ¬d፣ d ከ ¬d ጋር ባዶ። ስምንት እርምጃ። ማከፋፈል በአራት ጨርሶት ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ የሦስቱን መንገዶች ዝምድና ያሳያል። አምስቱን ክሎዞች ያዙና y ን በሪዞሉሽን አስወግዱት፣ ማለትም y ያለበትን ¬y ካለባቸው ሁሉ ጋር አጋጥማችሁ አሮጌዎቹን ጣሉ። z∨a እና z∨b ይወጣሉ። አሁን z ን እንዲሁ አስወግዱ፦ a∨c፣ a∨d፣ b∨c፣ b∨d። ከማከፋፈል ያገኘናቸው አራት ክሎዞች፣ አንድም ሳይጎድል! እንግዲህ ማከፋፈል ማለት አዲሶቹን ፊደሎች ገና ሳይወለዱ ማስወገድ ነው። ማከፋፈል እንደ እጅ በእጅ ግዢ ነው፣ ዋጋው መጀመሪያ ይከፈላል። ፀይቲን ዱቤ ነው፤ ሪዞሉሽኑ ያ ፊደል ሲያስፈልገው ብቻ ይከፍላል፣ ያላስፈለገውን ደግሞ ሳይከፍል ይቀራል። በሁለት ጥንድ ላይ ዱቤው ትርፍ የለውም። በ20 ጥንድ ላይ ሁሉንም መክፈል አይታሰብም።

ይህን የሚያውቁ ፕሮግራሞች መሀሉን ይይዛሉ። ኤንና ቢየር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ሳትኤሊት ፊደልን የሚያስወግደው የክሎዙ ብዛት ካልጨመረ ብቻ ነው። y አንድ ቦታ በቀጥታ፣ ሁለት ቦታ በአሉታ ስላለ ሦስት ክሎዝ ወጥቶ ሁለት ይገባል፤ ይወገድ። አንድ ፊደል አምስት ቦታ በቀጥታ፣ ስድስት ቦታ በአሉታ ቢኖርና ትርፍ የሚሆን ክሎዝ ባይገኝ 11 ወጥቶ 30 ይገባል፤ ይቆይ። ዴቪስና ፑትናም በ1960 ያቀረቡት ዘዴ ፊደሎችን ተራ በተራ እንዲህ ያስወግድ ነበር፣ ሚዛኑን ግን አያይም፤ ማኅደረ ትውስታ የሚሞላውም ስለዚህ ነው።

ታዲያ የቱን?

በእጅ የሚሠራ ጥያቄ ከሆነና የ«እና» ቁራጮቹ ሁለት ሦስት ከሆኑ ያለ ጥርጥር ማከፋፈል። ፈተና ላይ «ተመጣጣኝ ሲ.ኤን.ኤፍ ጻፍ» ከተባለም ሌላ ምርጫ የለም፣ ፀይቲን ተመጣጣኝ አይሰጥምና ነጥቡ ይሄዳል።

በኮምፒውተር የሚፈታ ሆኖ ጥያቄው «ይሟላል ወይስ አይሟላም» ብቻ ከሆነ ግማሹን አጻጻፍ እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም በአዲሱ ፊደል ላይ ሌላ ደንብ አይጨምርም ብላችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ ነው ታዲያ።

መልሶቹን መቁጠር ካስፈለገ ሙሉውን ፀይቲን ጻፉ። ቅድም የያዝነው ሦስት አመዳደብ እዚህ ያገለግላል። በሙሉው አጻጻፍ የ y እና የ z ዋጋ በሌሎቹ ፊደሎች ስለሚወሰን ቆጣሪው ሦስት ይላል። በግማሹ ግን አራቱም የሚገቡበት አመዳደብ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፦ y ብቻ፣ z ብቻ፣ ሁለቱም። ቆጣሪው አምስት ይላል። ፊደሉን በሌላ ጥያቄ ውስጥ መልሶ ለመጠቀም ሲታሰብም ሙሉው ነው፣ እኔ የወደቅሁበትን አታስታውሱኝ።

ለመሞከር ፊደሎቹን ከ1 እስከ 4፣ y ን 5፣ z ን 6 ብላችሁ ዲማክስ በሚባለው አጻጻፍ ፋይል ውስጥ አስገቡ። የመጀመሪያው መስመር የፊደሉንና የክሎዙን ብዛት ይናገራል፣ መቀነስ አሉታ ነው፣ ዜሮ ክሎዙን ይዘጋል።

```
p cnf 6 8
5 6 0
-5 1 0
-5 2 0
-6 3 0
-6 4 0
-2 4 0
-1 -4 0
-3 1 0
```

ፋይሉን `tera.cnf` ብላችሁ ሚኒሳት በሚባለው ፈቺ ፕሮግራም `minisat tera.cnf` ስትሉ መጨረሻ ላይ `UNSATISFIABLE` ይላል። `-1 -4 0` የሚለውን አውጥታችሁ 8ን 7 ስታደርጉት `SATISFIABLE` ይሆናል። ዜሮዋን ከረሳችሁ ሁለት ክሎዝ ተቀጥሎ አንድ ረጅም ክሎዝ ይሆናል፤ ደንቡ ስለሚላላ የማይሟላው የሚሟላ ሊመስል ይችላል። የክሎዙ ብዛት ከላይ ከጻፋችሁት ጋር አለመግጠሙ ምልክቱ ነው።

የቱንም መንገድ ብንመርጥ የማይቀልለን ጥያቄ አለ። 11 ርግብ 10 ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ጎጆ ከአንድ ሳይበልጥ፣ ይገባሉ ወይ? ይህ ሲጻፍ ጀምሮ በክሎዝ ነው፤ 110 ፊደል፣ 561 ክሎዝ፣ የሚቀየር ነገር የለውም። ሃከን በ1985 እንዳረጋገጠው የርግቡ ቁጥር ሲጨምር የሪዞሉሽኑ ማስረጃ ርዝመት በኤክስፖኔንሻል ያድጋል። ኩክ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1976፣ በየመሀሉ እንደ ፀይቲን አዲስ ፊደል ማስገባት ከተፈቀደ ማስረጃው አጭር እንደሚሆን አሳይቶ ነበር። የእርሱ ፊደሎች እንዲህ ይላሉ፦ «አሥረኛው ጎጆ ቢፈርስና እዚያ ያለው ርግብ በአሥራ አንደኛው ርግብ ቦታ ቢገባ፣ ይህ ርግብ በዚያ ጎጆ ይሆናል»። በእነርሱ አማካይነት 11 ርግብና 10 ጎጆ ወደ 10 ርግብና 9 ጎጆ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ 9 እና 8፣ ሁለት ርግብ አንድ ጎጆ ላይ እስኪጋጠሙ።